የቡና ዋጋ ማንቂያን ከመቶኛ ወደ ኤቲአር ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ጀንፈል ገዝተው የሚያከማቹ አቅራቢዎች የኒው ዮርክን የአረቢካ ዋጋ በስልካቸው ሲከታተሉ፣ ማንቂያውን «ዋጋው ከትናንቱ መዝጊያ በ3 በመቶ ሲወርድ አሳውቀኝ» በሚል የተወሰነ መጠን ሲሞሉት ደጋግሜ አያለሁ። ገበያው በረጋበት ወቅት 3 በመቶ ከባድ ዜና ነው፤ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ተፈርቶ ዋጋው በሚናወጥበት ሰሞን ግን የተለመደ የቀን ውሎ ስለሚሆን ማንቂያው በየቀኑ ይጮኻል፣ ባለቤቱም ውሎ አድሮ ያጠፋዋል።

ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ኤቲአር ዋጋው በቀን በአማካይ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ስለሚለካ፣ ማንቂያውን ለምሳሌ በ2 ኤቲአር መሙላት ይህን ችግር ይፈታል። ሆኖም ብዙዎች እዚህም የከፋ ስህተት ይሠራሉ፤ ገና ያልተዘጋውን የዛሬን ቀን በኤቲአሩ ስሌት ውስጥ ያስገባሉ። የትናንቱ ኤቲአር በአንድ ፓውንድ ቡና 6 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል፤ ስለዚህ ማንቂያው 12 ሳንቲም ሲወርድ መጮኽ አለበት። ዛሬ ዋጋው ከትናንቱ መዝጊያ 7 ሳንቲም ወጥቶ፣ ተመልሶ ከመዝጊያው በታች 13 ሳንቲም ቢወርድ የቀኑ ስፋት 20 ይሆናል። በዋይልደር የ14 ቀን ስሌት 6 በ13 ተባዝቶ፣ 20 ተደምሮበት ለ14 ሲካፈል አዲሱ ኤቲአር 7 ነው፤ ገደቡም ወደ 14 ከፍ ይላል። ዋጋው 13 ሳንቲም ወርዶ ሳለ ማንቂያው ዝም የሚለው፣ ድንጋጤው ራሱ ገደቡን ስለገፋው ነው! ነጋዴው በጣም በሚፈልገው ቀን ዝም የሚል ማንቂያ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። በዕለታዊ ቻርት ላይ የሚከተለው የትሬዲንግቪው ፓይን ስክሪፕት አጻጻፍ የትናንቱን ኤቲአር ብቻ ይጠቀማል፤ `[1]` ያለፈውን ቀን ያመለክታል።

```
atr = ta.atr(14)[1]
alarm = close[1] - close >= 2 * atr
```

የቀኑን ስፋት ከከፍተኛው ዋጋ ዝቅተኛውን በመቀነስ ብቻ ማስላትም ያሳስታል። ገበያው ትናንት 300 ላይ ዘግቶ፣ ዛሬ በ294 እና በ290 መካከል ብቻ ቢውል፣ ልዩነቱ 4 ይመስላል፤ እውነተኛው ስፋት ግን ከትናንቱ መዝጊያ እስከ ዛሬው ዝቅተኛ ያለው 10 ሳንቲም ነው።

የአንድ ሰዓት ቻርት ኤቲአርን ለዕለታዊ ማንቂያ አይጠቀሙ።

በመጨረሻም የውል ወር ሲለወጥ ይጠንቀቁ። የአረቢካ ውሎች ለመጋቢት፣ ለግንቦት፣ ለሐምሌ፣ ለመስከረምና ለታኅሣሥ በፈረንጆቹ ወራት ስለሚሸጡ፣ ያልተስተካከለ ተከታታይ ቻርት ከአንዱ ወር ወደ ሌላው ሲሻገር ማንም ያልሸጠበትን የዋጋ ዝላይ ያሳያል። ዝላዩ በዕለቱ የሐሰት ጩኸት ያስነሳል፤ ከዚያም ኤቲአሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከ14 ቀን በኋላ እንኳ ከጭማሪው ሲሶ ያህሉ ስለሚኖር ገደቡ ለሳምንታት ከልክ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ማንቂያውን በተከታታዩ ቻርት ላይ ሳይሆን፣ ብዙ ግብይት ባለበት የአንድ ወር ውል ላይ ይሙሉ፤ ግብይቱ ወደ ቀጣዩ ወር ሲዛወርም ማንቂያውን በዚያው ወር በራሱ የዋጋ ታሪክ ላይ እንደገና ያዘጋጁ።