እናት አባታችሁ ኮቪድ ይዟቸው ከዳኑ ማጠናከሪያውን መቼ ይከተቡ?

ባለፈው ጥር ወንድሜ ደወለልኝ። እማዬ ኮቪድ ይዟት ነበር፣ አሁን ግን ተሽሏታል አለኝ። እኔም ወዲያው «ነገ ወስደህ ማጠናከሪያውን አስከትባት» አልኩት። ከሩቅ ያለ ሰው የሚታየው ይሄ ነው፣ አንድ ነገር ማድረግ፣ ቶሎ ማድረግ። ግን ያልኩት ትክክል አልነበረም። መጠበቅ ነበረብን። ለምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚደውል ሰው በጣም ይጠቅማል።

ኮቪድ የያዘው ሰው ሰውነቱ ከበሽታው ራሱ ይማራል። ከዳነ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቫይረሱን የሚይዙት አንቲቦዲዎች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። ቫይረሱን የሚያስታውሱት ሴሎች ደግሞ ለወራት እየበሰሉ ይሄዳሉ። ክትባቱ በዚህ መሀል ቶሎ ከተሰጠ፣ ቀድመው የተዘጋጁት አንቲቦዲዎች ክትባቱ ይዞት የሚመጣውን ነገር ወዲያው ይይዙትና ሰውነት አዲስ የሚማረው ብዙም አይኖርም። በዚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደገና የመያዝ ዕድሉ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ክትባቱ ኃይሉ የሚታየው ያ መከላከያ መሳሳት ሲጀምር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል። ሰውዬው ከበሽታው በኋላ ቶሎ ተከትቦ ከሆነ አትደንግጡ። አደጋ የለውም፣ መደገምም አያስፈልግም። የጠፋው ነገር ቢኖር የተሻለው ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ስንት ጊዜ? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በቅርቡ የተያዘ ሰው ክትባቱን 3 ወር ሊያዘገየው ይችላል ይላል። «ይችላል» የሚለውን ልብ በሉ፣ ግዴታ አይደለም። አንዳንድ አገሮች እስከ 6 ወር ይወስዱታል። ከሁሉም በፊት መሟላት ያለበት ግን አንድ ነው። ትኩሳቱ ሳይለቅ፣ ሰውዬው ሳያገግም አይከተብም።

ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከምርመራው ቀን ወይም ከዳኑበት ቀን ሳይሆን ምልክቱ ከጀመረበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ምልክት ካልነበረ ደግሞ ምርመራው ቫይረሱን ካሳየበት ቀን። የእማዬን ላሳያችሁ። ሳሉ የጀመራት ጥር 5 ነው፣ የተመረመረችው ጥር 8። ስለዚህ 3 ወሩ ሚያዝያ 5 ይሞላል፣ 6 ወሩ ሐምሌ 5። የመጨረሻ ክትባቷ ከዚያ በፊት 10 ወር ሆኖታል። እሷ 79 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና የኩላሊት ችግር አለባት። እኔና ሐኪሟ ተነጋግረን ሚያዝያ 5ን ያዝን። እስከ ሐምሌ ማቆየት ለእሷ ብዙ ነው ብለን ስላሰብን ነው።

ምርመራ ሳይደረግ «ኮቪድ ሳይሆን አይቀርም» የተባለ ጉንፋን ከሆነ ግን እንደ ኮቪድ አትቁጠሩት። ሌላ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ከኮቪድ አይከላከልም። ካገገሙ በኋላ ከመጨረሻው ክትባታቸው ወዲህ ያለውን ጊዜ ብቻ አይታችሁ ቀጥሉ። ደግሞ ከዳኑ በኋላ «ነፃ መሆናቸውን እናረጋግጥ» ብላችሁ ፒሲአር አታስደርጉ። ፒሲአር የቫይረሱን ቅሪት እስከ 90 ቀን ድረስ ሊያሳይ ይችላል፣ ቤተሰቡን በከንቱ ታስጨንቃላችሁ። የአንቲቦዲ ምርመራም ለዚህ ውሳኔ አይረዳም። ቁጥሩ ስንት ቢሆን ይበቃል የሚል የተስማሙበት ልክ የለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ማን ነው በእርግጥ የሚጠቀመው? ማጠናከሪያ የሚሰጠው ጉንፋን የመሰለውን ሕመም ሁሉ ለማስቀረት አይደለም፣ ያንን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚቀንሰው። ትልቁ ጥቅሙ ሆስፒታል ከመግባትና ከሞት መከላከሉ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ የሚበዛው ይህ አደጋ ከፍ ያለበት ሰው ላይ ነው። ዕድሜ ከሁሉም ይቀድማል፣ በተለይ ከ75 በላይ። ከዚያ የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት በሽታ፣ ስኳር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እነዚህ ሲደራረቡ አደጋው ይጨምራል። የ62 ዓመት ጤነኛ አጎታችሁ በቅርቡ ተይዞ በቀላሉ ካለፈው፣ መቸኮል የለበትም። እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚያዛባው፤ ጠንካራውን፣ ራሱ ሄዶ መሰለፍ የሚችለውን ያስከትቡና ከቤት የማትወጣውን አያት ይተዋታል።

ለብቻ የሚታዩት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ በቀን 20 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚወስዱ። የእነሱ ሰውነት ከበሽታው የሚማረው ያንሳል። ስለዚህ «ተይዟል፣ 3 ወር ይቆይ» የሚለው ስሌት እነሱ ላይ እንዳለ አይሠራም። ሐኪማቸው ቀደም ሊያደርገው ይችላል። አዲስ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሊጀምሩ ከሆነ ደግሞ ክትባቱ ቢቻል ከ2 ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። አካባቢው ላይ ኮቪድ እየተስፋፋ ከሆነም፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው 3 ወሩን ማሳጠር ያስኬዳል።

ከሩቅ ሆናችሁ ስትደውሉ «ደህና ናቸው?» ብቻ አትበሉ። ምልክቱ መቼ ጀመረ፣ ተመርምረው ነበር ወይ፣ የመጨረሻው ክትባት መቼ ነው፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ በሉ። የክትባት ካርዱንና የመድኃኒቶቹን ካርቶን ፎቶ አስልኩ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ፣ እኔ አንዴ በዚህ ተሳስቼ የወንድሜን ልፋት በከንቱ አስቀርቼዋለሁ። ከመላካችሁ በፊት ጤና ተቋሙ ክትባቱ እንዳለውና ከመጨረሻው ክትባት በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ ደውሎ የሚያጣራ ሰው ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ በጣም ለገፉትና ተጓዳኝ በሽታ ላለባቸው ከመጨረሻው ክትባት ከ6 እስከ 12 ወር ይላል፣ ግን አገር በአገር ይለያያል።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ክትባቱ አይከለከልም። ለሚወጋው ባለሙያ ቀድመው ይናገሩ፣ ቀጭን መርፌ ይጠቀማል፣ ከዚያ ቦታውን ቢያንስ 2 ደቂቃ ሳያሹ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ከክትባቱ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው ይቀመጡ። ከዚህ በፊት ክትባት ከባድ አለርጂ አስነስቶባቸው ከሆነ ደግሞ ሳይከተቡ ሐኪም ያማክሩ።

ማታ ክንድ ይታመማል፣ ድካምና ትንሽ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል። አብሯቸው የሚያድር ሰው ይኑር፣ ውሃ ይጠጡ። አዛውንት ትኩሳት ላይ ሆነው ብድግ ሲሉ ይወድቃሉ፣ እኔ ከክንዱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ፣ ደረት ከታመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ነገር ከተምታታባቸው የክትባቱ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ሐኪም ቤት ይወሰዱ። እማዬ የቀኝ ክንዷ አንድ ቀን አመማት፣ በማግስቱ ካርዷን አንስታ ፎቶ ላከችልኝ፤ የሚቀጥለውንም ቀን ከዚያው ላይ ቆጥሬ ስልኬ ላይ አስገባሁት።