አምስት ጊዜ ጮኸ ማለት ራሙ ተበላሽቷል ማለት አይደለም

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ምንም አያሳይም። ከኬዙ ውስጥ አምስት ጊዜ ቢፕ ይላል፤ የመክፈቻው መብራትም ቀይ ሆኖ በየሰከንዱ አብሮ ብልጭ ይላል። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ድምፁ አምስት ዙር ጮኾ ቢቆምም ቀዩ ብልጭታ ይቀጥላል። ስለዚህ ዘግይተው የደረሱም ቢሆን መብራቱን ቆጥረው ማወቅ ይችላሉ። እዚህ የምናየው ኤችፒ ኮምፓክ ፕሮ 6300ን ነው፤ በዚያ ዘመን የወጡ የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖችም የሚጮኹት በተመሳሳይ መንገድ ነው።

የኤችፒ ሰንጠረዥ አምስትን የሚፈታው «ምስል ከመምጣቱ በፊት የተገኘ የሜሞሪ ችግር» ብሎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ራም ሊገዛ ይወጣል። ቢፑ የሚነግረን ግን ምርመራው የት ላይ እንደቆመ ነው። ማሽኑ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ባዮሱን ያነብባል፣ ከዚያ ራሙን ይፈትሻል፣ ቀጥሎ ግራፊክሱን ያስነሳል። ራሙ ላይ ሲደርስ መልስ ካጣ ገና ምስል ስለሌለ በድምፅ ይናገራል። መልስ የጠፋው ራሙ ስለሞተ፣ ስለቆሸሸ፣ ማሽኑ የማይቀበለው ዓይነት ስለሆነ፣ ወይም የሚሰካበት ስሎት ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል። ድምፁ በሁሉም አንድ ነው።

አንድ ድምፅ፣ ሁለት ምክንያት

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ነበር። አራት ጊጋባይት ራም ነበረው፤ ባለቤቷ ፍጥነት እንዲጨምር ሌላ አራት ጊጋ አስጨመረች። ከዚያ ወዲያ አምስት ቢፕ ብቻ። አዲሱን አውጥተው በአሮጌው ብቻ ቢሞክሩትም ያው አምስት። «ወንድሜ፣ ሁለቱም ተቃጥለዋል ተብያለሁ። ሌላ ልግዛ?» አለችኝ። «እህቴ፣ ሳናይ አትግዢ» አልኳት።

መጀመሪያ የኃይል ገመዱን ነቅለን የመክፈቻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን ያዝን፤ የቀረው ኃይል እንዲፈስስ ነው። ራም በሚነቀልበት ጊዜ ገመዱ መሰካት የለበትም፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ማዘርቦርዱ ኃይል ያገኛልና። እጅም የኬዙን ብረት ነክቶ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ሁለቱንም ራም አውጥተን ባዶውን አበራነው። አምስት ቢፕ። ይህ ሙከራ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማደርገው እሱን ነው። ራም የሌለው ማሽን «ራም የለኝም» ብሎ መጮኽ ከቻለ ፕሮሰሰሩ ይሠራል፣ ባዮሱ ይነበባል፣ የማዘርቦርዱም ዋና ክፍል በሕይወት አለ። ባዶውን ሲበራ ዝም ቢል ኖሮ ራም መግዛት ምንም አይፈታም ነበር።

ከዚያ አሮጌውን ራም ለብቻው በጥቁሩ ስሎት ሰካነው። በዚህ ማሽን አንድ ራም ብቻ ካለ ቦታው ጥቁሩ ነው፤ ነጮቹ ከእሱ ቀጥለው ይሞላሉ። አሁንም አምስት። አውጥተን ወርቃማ ጥርሶቹን በመብራት ስናይ ደብዝዘዋል። ሱቁ መንገድ ዳር ነው፤ አቧራው ከወረቀቱ ብናኝ ጋር ተደባልቆ ስሎቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ አዲሱ ሲጨመር አሮጌው ተነቅሎ ስለተሰካ ግንኙነቱ ተበላሸ። ስሎቱን በንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፣ ጥርሶቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገን እስኪደርቅ ጠበቅን። ላጲስ የሚጠቀሙ አሉ። ቀስ ብሎ ከሆነ ይሠራል፤ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጠንካራው ላጲስ ደግሞ የወርቁን ቅብ ይፍቃል። ራሙን መልሰን በሁለቱም ጫፍ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ተጫንነው። ማሽኑ ተነሣ።

አዲሱን ስንጨምር አምስቱ ቢፕ ተመለሰ። እሱ ግን ንጹሕ ነበር። መልሱ የተገኘው ተለጣፊው ላይ ነው፤ እንዲህ ይላል፦

```
4GB 1Rx4 PC3-12800R
```

ቁልፉ የመጨረሻው ፊደል ነው። `R` ያለበት የሰርቨር ራም ነው፤ ርዝመቱም ጥርሱም ከዴስክቶፑ ዲዲአር3 ጋር አንድ ስለሆነ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ማዘርቦርድ ግን ሊያነብበው አይችልም። መፈለግ ያለበት በ`U` የሚያልቀው ነው፣ `PC3-12800U`። መካከል ላይ ያለው `1Rx4` ውስጥ ያለው `R` ሌላ ነገር ስለሆነ እሱን አይተው አይሳሳቱ። ራሙ አልተቃጠለም፤ ሰርቨር ላይ ይሠራል። ባለቤቷ ወስዳ በ`U` አስቀየረችው፤ ሁለቱም ተሰክተው ማሽኑ ስምንት ጊጋ አሳየ።

ራሙ ጤነኛ ሆኖ በአንዱ ስሎት ሠርቶ በሌላው ቢጮኽ ችግሩ ስሎቱ ነው፤ በደህናዎቹ ብቻ መሥራት ይቻላል። በሁሉም ስሎት ከጮኸ ግን ፕሮሰሰሩን አንሥቶ ከሥሩ ያሉትን መርፌዎች በማጉያ ማየት ያስፈልጋል። በነዚህ ማሽኖች ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ አንዲት የታጠፈች መርፌ ራም የጠፋ ታስመስላለች።

ስድስት ሲሆን

ስድስት ቢፕ ግራፊክስ ነው። ተጨማሪ ካርድ ካለ አውጥተው የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ያስገቡ። ምስል ከመጣ ካርዱን ጥርሱን ጠርገው፣ የራሱ የኃይል ገመድ የሚፈልግ ከሆነ እሱንም አረጋግጠው መልሰው ይሞክሩ። ይህ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው፤ ከሌለው የሚሠራ ካርድ ተውሶ መሞከር ግድ ነው። ካርድ የሌለው ማሽን ስድስት ከጮኸ ጥርጣሬው ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል።

ሰባት፣ ስምንት ወይም ዝምታ

ሰባት የማዘርቦርድ ብልሽት፣ ስምንት የተበላሸ ባዮስ ነው። ስምንት ባዮሱን መልሶ በመጫን ሊድን ስለሚችል ቦርድ ከመቀየር በፊት ያ ይሞከር። አራት ደግሞ የኃይል ችግር ነው፤ ፓወር ሰፕላዩን ሳይፈትሹ ማዘርቦርድ መወንጀል ተገቢ አይደለም።

ቁጥሮቹን ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር ግን ያሳስታል። ሁለት ቢፕ በብዙ የዴል ዴስክቶፖች «ራም አልተገኘም» ማለት ነው፤ በዚህ ኤችፒ ግን ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። በኋላ የወጡት ኤችፒዎች ረጅምና አጭር ይቀላቅላሉ፦ ሦስት ረጅም ሁለት አጭር ራም፣ ሦስት ረጅም ሦስት አጭር ግራፊክስ። በቆየው የአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ግራፊክስን ያመለክታል። ስለዚህ ከመቁጠር በፊት የማሽኑን ሞዴል ይጻፉ።

እዚሁ በተገጣጠሙ ማሽኖች ዝምታ ብዙ ጊዜ ምንም አይናገርም፤ የሚጮኸው ትንሽ ስፒከር ጭራሹን አልተገጠመ ይሆናል። ማዘርቦርዱ ላይ `SPEAKER` የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ አራት መርፌ ቦታ አለ፤ እዚያ ስፒከር ሰክተው ራሙን ሁሉ አውጥተው ያብሩት። አሁንም ዝም ካለ በሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ይድገሙት፣ ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ አራት ወይም ባለ ስምንት ቀዳዳ ገመድ መሰካቱንም ይዩ። ያም ሆኖ ካልጮኸ የሚቀሩት ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ናቸው፤ ፕሮሰሰሩን በሚሠራ ተመሳሳይ ማሽን ላይ መሞከር ሁለቱን ይለያል።