ከሳይን ወደ ፌዘር፦ የኤሲ ሰርኪዩት ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤሲ ሰርኪዩት ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚጠፋው በአብዛኛው የኮምፕሌክስ ቁጥሩ ስሌት ላይ አይደለም፤ እሱን ካልኩሌተር ይጨርሰዋል። ነጥቡ የሚጠፋው ከዚያ ቀድሞ፣ ምንጩ ወደ ፌዘር ሲጻፍና ኢንዳክተሩና ካፓሲተሩ ወደ ኢምፒዳንስ ሲቀየሩ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ምልክት እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን መልሱን አያድነውም።

ስህተቶቹን በአንድ ሰርኪዩት ላይ እንያቸው። ሬዚስተር፣ ኢንዳክተርና ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ከአንድ ምንጭ ጋር ተገናኝተዋል፦

```
vs(t) = −20 sin(500t − 40°) V
R = 30 Ω    L = 120 mH    C = 100 µF
```

ሳይኑን እንዳለ ወደ ፌዘር መጻፍ

ብዙ ሰው ይህን ምንጭ ሲያይ እጁ ቶሎ ብሎ `20∠−40°` ይጽፋል። ፌዘር ግን ሁልጊዜ ከአንድ ማመሳከሪያ ተነስቶ የሚለካ ነው፤ በአብዛኛው መማሪያ መጻሕፍት ማመሳከሪያው ኮሳይን ነው። ስለዚህ ፌዘር ከመጻፉ በፊት ምንጩ ፊት ለፊቱ ፖዘቲቭ ቁጥር ያለው ኮሳይን መሆን አለበት። የሚያስፈልጉት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፦

```
 sin x = cos(x − 90°)
−sin x = cos(x + 90°)
```

የእኛ ምንጭ የመቀነስ ምልክት ስላለው ሁለተኛው መስመር ይሠራል። −40° ላይ 90° ሲደመር 50° ይሆናል፤ ፌዘሩም `20∠50°` ነው። የመቀነስ ምልክቱን ረስቶ የመጀመሪያውን መስመር የተጠቀመ ሰው `20∠−130°` ያገኛል። ይህ ከትክክለኛው በ180° ይለያል፤ ማለትም ከረንቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ይወጣል። `−20∠−130°` ብሎ መጻፍ በሒሳብ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ማግኒቲዩድ ኔጌቲቭ አይሆንምና ምልክቱን አንግሉ ውስጥ አስገብቶ መጨረስ ይሻላል። አለበለዚያ ከሁለት መስመር በኋላ ይረሳል።

ምንጩ አንድ ብቻ ከሆነ ሳይንን ማመሳከሪያ አድርጎ ጀምሮ መልሱንም በሳይን መመለስ ይቻላል። አንዱ ምንጭ በሳይን፣ ሌላው በኮሳይን ሲሰጥ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ሳያመጡ መደመር የ90° ስህተት ነው።

ቅየራው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ዜሮ ሰከንድ ላይ ሁለቱን ማወዳደር የተለመደ ነው። `−20 sin(−40°)` 12.86 ቮልት ይሰጣል፤ `20 cos 50°` ደግሞ ያንኑ። ይህ ጥሩ ፍተሻ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። አንግሉን በስህተት −50° የጻፈ ሰውም ዜሮ ላይ 12.86 ያገኛል፤ ምክንያቱም ኮሳይን የአንግሉን ምልክት አይለይም። ስለዚህ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመር፤ ለምሳሌ 2 ሚሊሰከንድ። ያኔ `500t` 1 ራዲያን፣ ማለትም 57.3° ነው። የመጀመሪያው ቀመር `−20 sin(17.3°)`፣ የተቀየረው `20 cos(107.3°)` ይሆናል፤ ሁለቱም −5.95 ቮልት ናቸው። −50° ቢሆን ኖሮ 19.8 ይወጣ ነበር፤ ስህተቱም ወዲያው ይታያል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። `500t` በራዲያን ነው፣ 40° ግን በዲግሪ ነው። ካልኩሌተሩን ዲግሪ ላይ አድርጎ 1 እና 50ን የደመረ ሰው `20 cos 51°` ብሎ 12.59 ያገኛል። ከመደመሩ በፊት ሁለቱ ወደ አንድ መለኪያ ይምጡ።

ፍሪኩዌንሲውን በኦሜጋ ቦታ ማስገባት

በቀመሩ ውስጥ ከ`t` ፊት ያለው ቁጥር ኦሜጋ ነው፤ በራዲያን በሰከንድ ይለካል። ጥያቄው በኸርዝ ከተሰጠ በ2π መባዛት አለበት። ከኮካ ግድብ ይምጣ ከአዳማ የንፋስ ማመንጫ፣ ግድግዳችን ላይ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ኦሜጋው 314 ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ መጻሕፍት ምሳሌዎቻቸውን በ60 ኸርዝ ስለሚሠሩ 377 የሚለው ቁጥር ብዙ ቦታ ይገኛል። እሱን ከመጽሐፉ ወስዶ በእኛ መስመር ላይ ማስገባት እዚህ የተለመደ ስህተት ነው።

ይህ ስህተት የቁጥር መጠን ብቻ አይደለም የሚቀይረው። ያንኑ ሰርኪዩት 50 ኸርዝ ላይ እናስበው። በትክክለኛው ኦሜጋ ኢንዳክተሩ 37.7 ኦም፣ ካፓሲተሩ 31.8 ኦም ይሆናሉ፤ ኢንዳክተሩ ስለሚበልጥ ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደኋላ ይቀራል። 2π ተረስቶ 50 ብቻ ከገባ ደግሞ ኢንዳክተሩ 6 ኦም፣ ካፓሲተሩ 200 ኦም ይሆናሉ። ሰርኪዩቱ ከኢንዳክቲቭ ወደ ካፓሲቲቭ ተለወጠ ማለት ነው፤ ከረንቱ ከቮልቴጁ ቀደመ። ምክንያቱም ስህተቱ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚገፋቸው።

የካፓሲተሩን ምልክት መሳት

ወደ 500 ራዲያን በሰከንድ እንመለስ። ሦስቱ አካላት እንዲህ ይቀየራሉ፦

```
R  →  30 Ω
L  →  jωL     =  j(500)(0.12)  =  j60 Ω
C  →  1/(jωC) =  −j/(0.05)     =  −j20 Ω
```

እዚህ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች አሉ። አንደኛው `1/j` ከ`−j` ጋር እኩል መሆኑን ረስቶ `+j20` መጻፍ ነው። ያኔ ሪአክታንሱ 40 መሆኑ ቀርቶ 80 ይሆናል፤ ኢምፒዳንሱ 85.4 ኦም፣ ከረንቱም 0.234 አምፔር ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
Z = 30 + j60 − j20 = 30 + j40 = 50∠53.13° Ω
I = 20∠50° / 50∠53.13° = 0.4∠−3.13° A
```

ሁለተኛው ስህተት የካፓሲተሩን ኢምፒዳንስ `jωC` ብሎ መጻፍ ነው። ውጤቱ `j0.05` ስለሚሆን ከ30 ኦም አጠገብ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል፤ ብዙዎችም አይተውት ያልፋሉ። መለኪያውን የሚመለከት ሰው ግን ወዲያው ይይዘዋል፤ `ωC` በሲመንስ ነው የሚለካው፣ እሱ አድሚታንስ ነው። ከኦም ጋር አይደመርም። ሚሊና ማይክሮም በዚሁ ቦታ ያምታታሉ፤ ስለዚህ `120 mH` ወደ 0.12 ሄንሪ፣ `100 µF` ወደ 0.0001 ፋራድ ተቀይሮ ይጻፍ።

ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው

ምንጩ `20∠50°` ተብሎ ተጽፎ ከጎኑ ያለው ኢንዳክተር አሁንም `120 mH` የሚል ከሆነ ሥዕሉ የየትኛውም ዓለም አይደለም። ሰርኪዩቱን እንደገና መሣል ጊዜ ማባከን አይደለም፤ በአዲሱ ሥዕል ላይ `t` የሚባል ፊደል፣ ሄንሪም ፋራድም መገኘት የለበትም። ኦሜጋውን ብቻ ጥግ ላይ ጻፉት፤ ፌዘሩ ውስጥ ስለማይታይ ስንመለስ የምናገኘው ከዚያ ነው።

`i(t) = 0.4∠−3.13°` ብሎ እኩል ምልክት ማድረግም ስህተት ነው። በስተግራ ያለው በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር ነው፣ በስተቀኝ ያለው ቋሚ ኮምፕሌክስ ቁጥር። ወደ ጊዜ ሲመለስ `i(t) = 0.4 cos(500t − 3.13°)` አምፔር ይሆናል። ጥያቄው በሳይን ቢሰጥም የምንመለሰው በኮሳይን ነው፤ የቀየርነው ወደ ኮሳይን ነውና።

ማግኒቲዩዶችን መደመር

ከረንቱ ሲባዛ ሬዚስተሩ ላይ 12፣ ኢንዳክተሩ ላይ 24፣ ካፓሲተሩ ላይ 8 ቮልት ይገኛል። ብዙ ተማሪ እዚህ ይደነግጥና መልሱን ይሰርዛል፤ 20 ቮልት ምንጭ እንዴት 24 ቮልት ይሰጣል? ድምሩስ እንዴት 44 ይሆናል? መሰረዝ አያስፈልግም። የኢንዳክተሩና የካፓሲተሩ ቮልቴጅ በ180° ስለሚለያዩ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል፤ 16 ይቀራል። እሱና የሬዚስተሩ 12 ቮልት ደግሞ 90° ይራራቃሉ፤ የ12ና የ16 ካሬ ተደምሮ ሥሩ ሲወጣ ልክ 20 ነው። የኪርኾፍ የቮልቴጅ ሕግ የሚሠራው በፌዘሮቹ ላይ እንጂ በርዝመታቸው ላይ አይደለም።

ፒክና አርኤምኤስ ማደባለቅ

የእኛ 20 ቮልት ፒክ ነው። የግድግዳው 220 ቮልት ግን አርኤምኤስ ነው፤ ፒኩ 311 አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱም ለፌዘር ይሆናሉ፤ ከመጀመሪያው የተመረጠው እስከ መጨረሻው ይያዝ። ልዩነቱ ፓወር ሲሰላ ይወጣል። በፒክ ስንሠራ ግማሽ ይጨመራል፦ `½ × 0.4² × 30` ማለትም 2.4 ዋት። ግማሹን የረሳ ሰው 4.8 ይላል። በኮሳይን ለተጻፈ ምንጭ ፊት ለፊት የሚታየው ቁጥር ሁልጊዜ ፒክ መሆኑን መያዝ ብዙ ያድናል።

ፍሪኩዌንሲያቸው የተለያዩ ምንጮችን በአንድ ፌዘር ሥዕል ማስቀመጥ

በዚሁ ሰርኪዩት ላይ ከኤሲው ምንጭ ጋር በተከታታይ 12 ቮልት ዲሲ ይጨመር። 12ን ከ`20∠50°` ጋር መደመር አይቻልም፤ የዲሲው ኦሜጋ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ `j60` እና `−j20` ለእሱ አይሠሩም። ለየብቻ ይሠራሉ። በዲሲ ኢንዳክተሩ ሽቦ ነው፣ ካፓሲተሩ ክፍት ነው፤ ሰርኪዩቱ ከረጋ በኋላ ከረንት አያልፍም፣ 12 ቮልቱ በሙሉ ካፓሲተሩ ላይ ይቀመጣል። ፌዘር የሚነግረንም ይህን የረጋውን ሁኔታ ብቻ ነው፤ ስዊቹ በተዘጋበት ቅጽበት የሚሆነውን አይነግረንም። ሁለቱ መልሶች የሚደመሩት ወደ ጊዜ ከተመለሱ በኋላ ነው፦

```
vC(t) = 12 + 8 cos(500t − 93.13°) V
```

ካፓሲተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ4 እስከ 20 ቮልት ይወዛወዛል ማለት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ `100 µF` የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮሊቲክ ሆኖ ነው። `16 V` የተጻፈበት እዚህ አይበቃም፣ `25 V` ያስፈልጋል፤ ፖዘቲቭ እግሩም ወደ ዲሲው ፖዘቲቭ ጎን ይሁን። ዲሲው ከሌለና 8 ቮልቱ ብቻ ከቀረ ግን ቮልቴጁ በየግማሽ ዙሩ ይገለበጣልና ይህ ዓይነቱ ካፓሲተር ጭራሽ አይሆንም፤ ፖላሪቲ የሌለው መፈለግ አለበት።