ዲፕ ፍሪዘር የገባ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው አይሞትም

የቅርጫ ሥጋ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ልታስቀምጡ ከሆነ መጀመሪያ ቅዝቃዜውን እዩ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ የባሰ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። መዞሪያው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ዲግሪ ሳይሆኑ የብርታት ደረጃ ናቸው። ስለዚህ ፍሪዘሩ ውስጥ ትንሽ የፍሪዘር ቴርሞሜትር ማስቀመጥ ይሻላል።

በዚህ ቅዝቃዜ ባክቴሪያ አይራባም፤ ብዙው ግን አይሞትም። ውሃው በረዶ ስለሚሆንበት ሥራ ያቆማል፣ እንቅልፍ በሉት። እንደ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ያሉት ሥጋው ሲቀልጥና ሲሞቅ ነቅተው መራባት ይጀምራሉ። ተበክሎ የገባ ሥጋ ተበክሎ ይወጣል።

ሰውን የሚያሳስተው የኮሶ ነገር ነው። በበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው የኮሶ እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ከቆየ ይሞታል። ታዲያ «ፍሪዘር ውስጥ ስለከረመ ለጥሬ ክትፎ ይሆናል» የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ከኮሶ ያድናችኋል፤ ባክቴሪያውን ግን የሚገድለው እሳት ነው። የተፈጨ ሥጋ መሃሉ ድረስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለብለብ እዚያ አይደርስም።

ስታቀልጡት ከማታው ወደ ፍሪጅ አውርዱት፣ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደር። ጠረጴዛ ላይ ካደረ መሃሉ በረዶ ሆኖ ሳለ ውጩ ይሞቃል፣ ባክቴሪያው እዚያ ለሰዓታት ይራባል። ለዚህም ሥጋውን ስታስገቡ በአንድ ወጥ ልክ ከፋፍላችሁ፣ ፌስታሉን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አስሩት። ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይቀልጣል።