ፌስቡክና ኢንስታግራም ሲያያዙ የማያቸው ስህተቶች (አንዱ የራሴ ነው)

የምሠራው ሞባይል ቤት ነው። ድሮ ሥራችን ስክሪን መቀየርና ባትሪ መሸጥ ነበር። አሁን ግን ብዙው ሰው የሚመጣው ስልኩ ሳይሆን አካውንቱ አስቸግሮት ነው። «ኢንስታግራሜን ከፌስቡክ ጋር አያይዝልኝ» ይለኛል። ከሦስት ወር በኋላ ይመለስና «በናትህ አላቅቅልኝ» ይላል።

ችግሩ «ማያያዝ» የምንለው አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። አንዱ ላይ የለጠፉት ሌላውም ላይ እንዲወጣ ማድረግ አለ። በአንዱ አካውንት ሌላውን መክፈት አለ። የሁለቱም ባለቤት የሆነው ኩባንያ፣ ሜታ፣ የሁለቱን መረጃ አንድ ላይ መያዙ አለ። ሦስቱም የሚገኙት አፑ ሴቲንግ ውስጥ `Accounts Center` የሚባል አንድ ቦታ ነው። ሰው ለመጀመሪያው ብሎ ይገባና ሦስቱንም ይዞ ይወጣል።

ስልኩ ላይ የተገኘውን ፌስቡክ ማያያዝ

ይሄንን ራሴ ስለሠራሁት ልጀምርበት። ሽሮ ሜዳ ሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ ኢንስታግራም እንድከፍትላት መጣች። ስልኳ ቻርጅ አልነበረውም፣ እኔም ስቸኩል በራሴ ስልክ ከፈትኩላት። የምትለጥፈው ፌስቡክ ላይም እንዲወጣ ስለፈለገች ላያይዝ ስል፣ ኢንስታግራም ስልኩ ላይ ክፍት የነበረውን ፌስቡክ አቀረበልኝ። ስሙን ሳላይ እሺ አልኩ። የኔ ፌስቡክ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የኔ ገጽ ላይ የጥበብ ቀሚስ ሲለጠፍ ከረመ። ፌስቡክ ብዙም ስለማልገባ አላየሁም። ያወቅኩት አክስቴ ደውላ «እንኳን ደስ ያለህ! ሱቅ ከፍተህ ለኛ ሳትነግረን?» ስትለኝ ነው።

ያስቃል፣ ግን ቀልድ ያልሆነው ነገር ሌላ ነው። ያቺ ሴት ፓስወርዷን ሳትሰጠኝ ኢንስታግራሟን በፈለግኩ ጊዜ መክፈት እችል ነበር። በኔ ፌስቡክ በኩል በሩ ክፍት ነው። እሷ ይሄንን አታውቅም፤ እኔም አላወቅኩም ነበር።

ስለዚህ በራሳችሁ ስልክ አያይዙ። ከመንካታችሁ በፊት የሚቀርብላችሁን ስምና ፎቶ እዩ። አካውንታችሁን ሞባይል ቤት ያስከፈታችሁ ደግሞ `Personal details` ውስጥ ገብታችሁ የማን ስልክ ቁጥርና የማን ኢሜይል እንዳለ ተመልከቱ። የሱቁ ልጅ ቁጥር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ላይ ደግሞ ይብሳል። አካውንቱ የተከፈተው እዚህ ትተውት በሄዱት ሲም ነው፤ ኮድ ሲጠየቁ መልእክቱ የሚደርሰው ለማያገኙት ቁጥር ነው።

ከአንዱ ሲያጠፉት ከሌላውም የሚጠፋ የሚመስላቸው

አይጠፋም። ጽሑፉን ብታርሙም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ጋ የወጣው አንድ ፖስት ሳይሆን ሁለት ቅጂ ነው።

ያቺው ደንበኛዬ አካውንቷ ወደራሷ ፌስቡክ ከተዛወረ በኋላ ይሄ ነገር ጉድ አደረጋት። አንዲት ሙሽራ የመልስ ቀሚስ አሠራች። ቀሚሱ ሲያልቅ ፎቶው ኢንስታግራም ላይ ወጣ። ሙሽራዋ አይታ «እባክሽ አንሺው፣ ከሰርጌ በፊት ማንም እንዳያየው» ብላ ለመነቻት። ወዲያው አነሳችው። ፌስቡክ ላይ ያለው ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። የሙሽራው እናት ደግሞ ኢንስታግራም የላቸውም፣ ፌስቡክ ግን አላቸው። «ቀሚስሽ በጣም ያምራል» ብለው በኮሜንት ባረኩት። ቀሚሱን ለማስለወጥ ጊዜ አልነበረም፣ ኩርፊያው ግን ቆየ።

ማን ያየዋል የሚለውም እንዲሁ ነው። ኢንስታግራማችሁ ዝግ ስለሆነ ፌስቡክ ላይ የሚወጣውም ዝግ አይሆንም። ፌስቡክ ላይ የሚያየው ሰው የሚወሰነው በፌስቡኩ ምርጫ ነው። እዚያ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ኢንስታግራም ላይ ለሠላሳ ሰው ያላችሁት ፎቶ ለአገር ይታያል።

እኔ የምመክረው በራሱ እንዲለጠፍ የሚያደርገውን ማጥፋት ነው። `Accounts Center` ግቡ፣ `Connected experiences`፣ ከዚያ `Sharing across profiles`። ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ያሳያችኋል። ስቶሪ፣ ፖስትና ሪልስ ለየብቻቸው ማብሪያ አላቸው። ሁሉንም አጥፉና ስትለጥፉ በየፖስቱ ምረጡ። አንድ ጊዜ ተጨማሪ መንካት ነው፣ አይገድልም።

በአንድ አካውንት ሁለቱንም መክፈት

አሁን ወደሚያናድደኝ መጣሁ። እዚያው `Connected experiences` ውስጥ `Logging in with accounts` የሚል አለ። ሲበራ በአንዱ አካውንት ሌላውን መክፈት ትችላላችሁ። ፓስወርድ ለሚረሳ ሰው ደስ ይላል። ግን እናንተ የምትገቡበት በር ለሌላውም በር ነው! ፌስቡካችሁ ላይ ሃያ ፊደል ያለው ፓስወርድ አድርጋችሁ ኢንስታግራማችሁን በልጃችሁ ስም ከዘጋችሁት፣ ፌስቡካችሁም የተዘጋው በልጃችሁ ስም ነው። ይሄን ስንት ጊዜ ተናገርኩ መሰላችሁ።

ሌባው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። «ገጽዎ የኮፒራይት ሕግ ስለጣሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» የሚል መልእክት ይልካል። ደንግጣችሁ ሊንኩን ትነኩና ፓስወርድ ትጽፋላችሁ። ሌባው ይገባል። ጅል ከሆነ ፓስወርዱን ይቀይረዋል፣ እናንተም ወዲያው ትነቃላችሁ። ብልጥ ከሆነ ምንም አይነካም። የራሱን ኢንስታግራም ከፌስቡካችሁ ጋር ያያይዝና ዝም ብሎ ይወጣል።

እናንተ በማግስቱ ከማታውቁት ስልክ እንደተገባ ታያላችሁ። ፓስወርድ ትቀይራላችሁ፣ እፎይ ትላላችሁ። እሱ ግን በተያያዘው ኢንስታግራም በኩል ተመልሶ ይገባል። አንድ ካፌ ያለው ደንበኛዬ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ፓስወርድ ቀይሮ ነው የመጣው። «ስልኬ ቫይረስ አለው» ብሎ ፎርማት እንዳደርግለት ጠየቀኝ። ስልኩ ምንም የለበትም። `Accounts Center` ከፍተን `Accounts` የሚለውን ስናይ ሁለት መሆን የነበረበት ዝርዝር ሦስት ሆኗል። ሦስተኛው የማያውቃት ሴት ፎቶ ያለበት ኢንስታግራም ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንዱ ሌባ ባያያዘው ኢንስታግራም ላይ የተከለከለ ነገር ይለጥፋል። ያ አካውንት ሲታገድ ከሱ ጋር የተያያዘው የእናንተ ፌስቡክም አብሮ ይታገዳል። የሚመጣላችሁ ማስታወቂያ ሰምታችሁት የማታውቁትን የኢንስታግራም ስም ይጠቅሳል። ብዙ ሰው «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል። እንዳታልፉት! ይግባኝ ለማለት ያላችሁ ጊዜ 180 ቀን ነው፣ ካለፈ ለዘለቄታው ይዘጋል።

እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ የማታውቁትን አካውንት ከዝርዝሩ አውጡት። ከዚያ `Logging in with accounts` አጥፉ። ቀጥሎ `Personal details` ውስጥ የእናንተ ያልሆነ ኢሜይል ገብቶ እንደሆነ እዩ። ፓስወርድ መቀየሩ ከነዚህ በኋላ ነው፤ አብራችሁም `Where you're logged in` ውስጥ ከሌሎቹ ስልኮች ሁሉ ውጡ። መጨረሻ ላይ `Two-factor authentication` አብሩ፣ ለሁለቱም አካውንት። አንዱን ብቻ ማብራት ጓዳውን ዘግቶ ሳሎኑን ከፍቶ መተኛት ነው።

ምን እንደሚጋሩ ሳያውቁ መፍራት፣ ወይም አለመፍራት

ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለኝ። አንዱ «ካያያዝኩ ሜሴጄን ሰው ያየዋል» ብሎ ይሰጋል። አያየውም። የፌስቡክ ጓደኞቻችሁም በራሳቸው የኢንስታግራም ተከታይ አይሆኑም። ሌላው ደግሞ «ምን ይመጣል» ይላል። የሚመጣው ሰው የሚያየው ሳይሆን ኩባንያው የሚያየው ነው። ስልክ ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የማስታወቂያ ምርጫ፣ ካስገባችሁም የክፍያ ካርድ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ኢንስታግራም ላይ ያያችሁት ጫማ ፌስቡክ ላይ በማስታወቂያ ይከተላችኋል።

ስለ ጓደኛ ጥቆማም አስቡ። በብዕር ስም ግጥም የምትለጥፍ አንዲት ልጅ አካውንቷን በእውነተኛ ስሟ ካለው ፌስቡክ ጋር አያያዘች። ብዙም ሳይቆይ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ተራ በተራ መከተል ጀመሩ። ማያያዙ ብቻ ነው ያጋለጣት ብዬ አልምልም። ስልክ ቁጥሯን የያዘ ሰው ኮንታክቱን አፑ ላይ ከጫነም እንዲሁ ይሆናል። ግን ሚስጥር የሆነ አካውንት በስማችሁ ካለው ጋር አይያያዝም፣ አለቀ።

ማላቀቅም ቢሆን ኩባንያው ሁለቱን አካውንት ለይቶ እንዲያይ አያስገድደውም። አውሮፓ ያላችሁ ትንሽ ትሻላላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምክንያት የሁለቱ መረጃ እንዳይቀላቀል የመምረጥ ዕድል ተሰጥቷችኋል። ዋትስአፕንም ወደዚሁ ቦታ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ካላስገባችሁት አይገባም። ሜሴጁ እንደተቆለፈ ይቆያል። ስታተሳችሁ ግን ወደ ፌስቡክ ስቶሪ እንዲሄድ ካደረጋችሁ፣ የሚያየው ስልካችሁ ላይ የመዘገባችሁት ሰው ብቻ አይሆንም።

በድንጋጤ ማላቀቅ

ይሄን ሁሉ አንብባችሁ አሁኑኑ ላላቅቅ እንዳትሉ። ኢንስታግራማችሁ የተከፈተው በፌስቡክ ከሆነ የራሱ ፓስወርድ ላይኖረው ይችላል። ስታላቅቁት ውጭ ትቀራላችሁ። መጀመሪያ ለኢንስታግራሙ የራሱን ፓስወርድና የምትከፍቱትን ኢሜይል ስጡት። ውጡና በዚያው ፓስወርድ ተመልሳችሁ መግባት መቻላችሁን ሞክሩ። ከገባችሁ `Accounts` ውስጥ `Remove` ንኩ።

የንግድ ገጽ ያላችሁ ደግሞ፣ ኢንስታግራምን ከፔጅ ጋር ማገናኘት ሌላ ክር ነው። `Accounts Center` ውስጥ ማላቀቅ ያንን አይበጥሰውም። ፔጁ ላይ ሙሉ ሥልጣን የሰጣችሁት የቀድሞ ሠራተኛ እዚያው አለ።

ከተላቀቀ በኋላም የተለጠፈው እንደተለጠፈ ይቀራል። የኔ ገጽ ላይ የነበሩትን ቀሚሶች አንድ በአንድ በእጄ አጥፍቻቸዋለሁ። አንዱን ግን ትቼዋለሁ፣ አክስቴ ሥሩ «ለኔ ስንት ታደርግልኛለህ?» ብላ ጽፋበታለች።