የደንበኛን ቃል በካሩሴል ስታወጡ

የሀበሻ ልብስ የሚሰፋ ሱቅ ደንበኛው በቴሌግራም የላከችለትን አስተያየት በኢንስታግራም ካሩሴል፣ ማለትም በጣት እየተንሸራተቱ በሚታዩ ተከታታይ ስላይዶች ሲያወጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሰፍረው «በጣም ቆንጆ ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ አስተያየቱን የተቀነባበረ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ለምሳሌ እንዲህ የሚል መልእክት ደረሳችሁ እንበል፦

«ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ቀሚሱ ትናንት ደረሰኝ። በፎቶ አይቼ ስላዘዝኩ ልኬ አይሆንም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወገቡ ግን ልክክ አለ። እጅጌው ትንሽ ረዝሞብኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሰላምታውንና ምስጋናውን ቁረጡ፤ ፍርሃቷን በመጀመሪያው ስላይድ፣ የወገቡን ነገር በሁለተኛው አስፍሩ። የእጅጌውን ቅሬታ ግን አትሰርዙት፤ ለቀረው ቃል እምነት የሚያሰጠው እሱ ነውና በሦስተኛው ስላይድ ይግባ፣ እጅጌውን ማሳጠር የምትችሉ ከሆነም ይህንኑ ከሥሩ ጻፉ። ከመሃል ቃል ስታወጡ ሦስት ነጥብ አስገቡ፤ አነጋገሯን አታርሙ፤ የሁለት ሰዎችን መልእክትም አታገጣጥሙ።

ፈቃድ የምትጠይቁት ስላይዱ ካለቀ በኋላ፣ እሱኑ ልካችሁ ይሁን፦ «በዚህ መልክ በኢንስታግራም ገጻችን ልናወጣው እንፈልጋለን፤ ስምዎ ይግባ ወይስ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ?» ዝምታን እንደ እሺታ አትቁጠሩ። ፎቶዋን ለመጠቀም ወይም ስላይዱን የተከፈለበት ማስታወቂያ ለማድረግ ካሰባችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም በስክሪንሾት አስቀምጡ።