የችሎት ድራማ ስትጽፉ የማይዘለለው መሃል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለመድረክ ወይም ለሬዲዮ የሚጻፉ ድራማዎች ውስጥ የችሎት ትዕይንት አይጠፋም። እንደ ጠበቃ ሳያቸው ጊዜ ማሳጠራቸው አያስከፋኝም። ዓመት የፈጀን ክርክር በአርባ ደቂቃ ለማሳየት መቁረጥ የግድ ነው። የሚያስከፋኝ የሚቆረጠው ቦታ ነው። አሰልቺው ይቀርና ልብ የሚያንጠለጥለው ይጣላል።

ነገሩን በአንድ የፈጠራ ጉዳይ እንየው። ኩታበር ገበያ ላይ ሰይድና ይማም በበግ ዕዳ ተጣሉ እንበል። ሰይድ በያዘው ዱላ ይማምን ጭንቅላቱን መታው። ይማም ሆስፒታል ደርሶ ሞተ። ሰይድ በዚያው ቀን ተያዘ።

የጊዜ ቀጠሮን እንደ ፍርድ ማሳየት

ብዙ ድራማ ላይ ሰውየው በተያዘ በማግስቱ ክርክሩ ይጀመራል። ምስክር ይሰማል፣ ሰዓት ሳይሞላ ይፈረድበታል። እውነቱ ሌላ ነው። ሰይድ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያ ቀን ግን የክርክር ቀን አይደለም። ፖሊስ "ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ጊዜ ይሰጠኝ" ይላል። ዳኛው ካመነበት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ የጊዜ ቀጠሮ ይፈቅዳል። ሦስት ጊዜ ቢፈቀድ 42 ቀን ሆነ። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲደርስ ክስ ለማዘጋጀት 15 ቀን አለው። ክሱ ሳይነበብ ሁለት ወር ገደማ አለፈ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰይድ ተጠርጣሪ እንጂ ተከሳሽ አይባልም። ተከሳሽ የሚሆነው ክስ ሲቀርብበት ነው። ገንዘብ አስይዞ ቤቱ ሲገባ የምታሳዩ ከሆነም ተጠንቀቁ። ሰው የሞተበትና 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ፅኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ጉዳይ ላይ ዋስትና አይፈቀድም። ይማም ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ ሊሞት ይችላል ከተባለ ዋስትናው ይከለከላል። ተጎጂው ይተርፋል ወይስ አይተርፍም የሚለው ጥያቄ ራሱ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

ሁለቱን ወር ግን እንዳለ አታሳዩን። የሰይድ እናት ስንቅ ይዛ ከቤት ወደ ጣቢያ ስትመላለስ አንድ ሁለቴ ብናያት ይበቃል።

ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹን እንዲያፋጥጥ ማድረግ

ይህ ከውጭ ፊልም የመጣ ልማድ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ወደ ተከሳሹ ይጠጋል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ "ገድለኸዋል! እመን!" ይላል። ሰውየው ያለቅሳል፣ ያምናል፣ መጋረጃው ይዘጋል። በእኛ የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሹ ቃሉን መስጠት ከፈለገ ከመከላከያ ምስክሮቹ በፊት ይናገራል። በሰጠው ቃል ላይ ግን ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብበትም። ግልጽ ያልሆነውን ለማጣራት የሚጠይቀው ፍርድ ቤቱ ነው። መናገር ካልፈለገ ዝም ይላል፤ በራሱ ላይ እንዲመሰክር የሚያስገድደው የለም።

መፋጠጥ ከፈለጋችሁ ቦታው ምስክሮቹ ላይ ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክር በዋና ጥያቄ የሚያውቀውን ይናገራል። እዚህ ላይ "ሰይድ በዱላ ሲመታው አይተሃል አይደል?" ማለት አይቻልም፤ መልስ ጠቋሚ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ግን የተከሳሽ ጠበቃ "አንተ የቆምከው ከበጎቹ ወዲያ ነበር አይደል?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ ድጋሚ ጥያቄ አለ። በመጨረሻ ዳኞቹ ራሳቸው ያጣራሉ። የውጭ ፊልም ላይ ጥፋተኛነትን የሚወስን ከሕዝብ የተመረጠ ቡድን ታያላችሁ። እኛ ዘንድ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞቹ ናቸው። ስለዚህ ጠበቃው ፊቱን ወደ ታዳሚ አዙሮ ንግግር ቢያደርግ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም።

ብይኑን መዝለል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ድራማዎቻችን የዐቃቤ ሕግ ምስክር እንደተሰማ ወደ መከላከያ ይሮጣሉ። በመሃል ግን ችሎቱ ቆም ብሎ የሚወስንበት ቀን አለ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ተከሳሹ ምንም መከላከያ ባያቀርብ፣ የተሰማው ማስረጃ ብቻውን ጥፋተኛ ሊያስብለው ይችላል? አይችልም ከተባለ ሰውየው አንድም ምስክር ሳይጠራ በነፃ ይሰናበታል። ይችላል ከተባለ "ይከላከል" የሚል ብይን ይሰጣል።

ወደ ሰይድ እንመለስ። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ነው፣ አስቦና ተዘጋጅቶ ገደለ ብሎ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ሦስት ምስክር ተሰማ። የመጀመሪያው ጠቡ በድንገት እንደተነሳ ተናገረ። ሁለተኛው ሰይድ ዱላውን ሁልጊዜ በግ ሲነዳ እንደሚይዘው ተናገረ። ሦስተኛው ሲመታው አይቷል። ሞቱ የጭንቅላት ምት ያመጣው እንደሆነ የሐኪም ማስረጃ ያሳያል። እዚህ ውስጥ መግደሉ አለ፤ አስቀድሞ ማቀዱ የለም። ዳኞቹ ይህን መዝነው "በአንቀጽ 540 ይከላከል" ሊሉ ይችላሉ። የተራ ግድያው አንቀጽ ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት ነው። ሰይድ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከሞት ቅጣት ጥላ ወጣ።

ቤተሰቡ ግን "ይከላከል" ሲባል ሰምቶ ተፈረደበት ብሎ ያለቅሳል። የይማም ወገን ደግሞ አንቀጹ ዝቅ ሲል ተለቀቀ ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም አልሆነም። ደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን ብይን በተቃራኒ ሲተረጉሙት አስቡ። ይህን የሚያህል ትዕይንት ለምን ይጣላል?

ፍርዱንና ቅጣቱን በአንድ ትንፋሽ ማሰማት

"ጥፋተኛ ነህ፣ 12 ዓመት ተፈርዶብሃል" ይባላል ድራማው ላይ። በችሎት ግን ጥፋተኛነቱ ከተነገረ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ስለ ቅጣቱ አስተያየቱን ይሰጣል፤ የሚከብድበትን ምክንያት ይጠቅሳል። ተከሳሹም ማቅለያውን ያቀርባል፦ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ከዚህ በፊት ጥፋት የለብኝም ይላል። ቅጣቱ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽምግልናው መዝገቡን እንዲዘጋ ማድረግ

ይሄኛው የእኛው የወሎ ስህተት ነው። የሚወደድ ስለሆነም ነው የሚደጋገመው። አባጋሮች ይቀመጣሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሳ ይከፈላል፣ የይማም ወንድም ይቅር ይላል። በሚቀጥለው ትዕይንት ሰይድ ከእስር ወጥቶ ኩታበር ገብቷል።

ዕርቁ በእውነት ይደረጋል፤ ደም መላሽ እንዳይነሳ ያደርጋልና ዋጋው ትልቅ ነው። ግድያ ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ቤተሰቡ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ዕርቁ የሚሠራው ቅጣቱ ጋ ነው። ተከሳሹ በጥፋቱ ተጸጽቶ በደሉን ለመካስ መሞከሩ በአንቀጽ 82 ከማቅለያ ምክንያቶች አንዱ ነው። ጠበቃው የዕርቁን ሰነድ ከቅጣት ማቅለያው ጋር አያይዞ ያቀርባል። ዳኞቹ ተቀብለው ቅጣቱን ቢያቀሉም፣ የይማም ወንድም ይቅር ብሎት ሰይድ ግን ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል።